ቤታችንን ላየልን ኢንጅነር ምስጋና፣ ቤት ለምትገዙም ጥቆማ

ይሄን የምጽፈው ቤት ልትገዙ ለምትዞሩ ሁሉ ነው፤ በተለይ ገና ቀብድ ላልሰጣችሁ።

መስቀል ፍላወር አካባቢ አንድ የቆየ ቪላ ወደድን። ዋጋውን በ14 ሚሊዮን ተኩል በቃል ጨርሰናል። ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ነበረ። ደላላው "የልስን ነው፣ ቀለም ሲቀባ ይጠፋል" አለን። እሱ ያመጣው ባለሙያ ደግሞ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኩቶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያልተሰነጠቀ ቤት የለም ብሎ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። አንዲት መስመር እንኳን አልጻፈልንም። በባንክ ገማችም ታይቷል ተባልን፤ ገማች ግን ለብድሩ ዋጋ ያወጣል እንጂ መሠረት አይመረምርም። የዓመታት ቁጠባችንን ይዘን እንዲህ ሲጫወቱብን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ በሥራ ባልደረባዬ በኩል ይሄን ኢንጅነር አገኘሁት። እግዜር ይስጠው!

መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወደ ውጭ መውጣት ነው። ስንጥቁ በውጭም በኩል እዚያው ቦታ ላይ አለ፣ ወርዶም የድንጋይ መሠረቱ ውስጥ ይገባል። ከላይ ሰፊ ነው፣ ወደ ታች ይጠባል። "እህቴ፣ ልስን ብቻ ቢሆን ግድግዳውን አልፎ አይወጣም። ይሄ ጥግ እየሰመጠ ነው" አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና የተሰበረ አሸንዳ አሳየኝ። የጣሪያው ውሃ በሙሉ እዚያው ጥግ ላይ ነው የሚፈሰው። ባለቤቱን አስፈቅዶ ጥጉን ሲያስቆፍር መሠረቱ ጥቁር አፈር ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ውሃ ሲጠግብ ደግሞ ይለሰልሳል። ሌላውን ሲያስረዳኝ ብዙም አልገባኝም፣ ይሄ ግን ገባኝ።

ቀጥሎ ስንጥቁ ላይ ጂፕሰም በቀጭኑ ለጠፈ። በእርሳስ ቀኑን ጻፈበት። ቤቱ ቆሞ ከሆነ ጂፕሰሙ እንዳለ ይቆያል፣ አሁንም የሚሄድ ከሆነ ይሰነጠቃል አለን። ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ከጠና በኋላ ሳንጠራው፣ ተጨማሪ ሳንቲም ሳይጠይቅ፣ በጭቃ ራሱ ተመልሶ መጣ። ጂፕሰሙ መሃሉ ላይ ፀጉር በሚያህል መስመር ተሰንጥቋል። ያንን መስመር በባትሪ ሲያሳየኝ እንባዬ መጣ። እኛ እኮ ለቀለም ቀቢ ልንደውል ነበር!

ደግነቱ እዚህ አላበቃም። እኔ ተናድጄ ለደላላው ልጮህበት ስል "ተይ፣ ለባለቤቱ ራስሽ ጻፊላቸው፣ ቤታቸውን አታንኳስሺባቸው፣ ያየነውን ብቻ ንገሪያቸው" አለኝና አብሮኝ ቁጭ ብሎ አስተካከለልኝ። የላክሁት ይሄ ነው፦

"ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤቱን አሁንም እንፈልገዋለን። ኢንጅነሩ ግን የሳሎኑ ጥግ መሠረት እየሰመጠ መሆኑን አይቷል፤ ፎቶውንና የጻፈውን ልኬልዎታለሁ። ጥገናው 780 ሺህ ብር ተገምቷል። መሬት ውስጥ ያለው ሳይቆፈር ሙሉ በሙሉ ስለማይታወቅ ለመጠባበቂያ 120 ሺህ ጨምረናል። ወይ ከዋጋው 900 ሺህ ይቀንሱልን፣ ወይ ከውሉ በፊት እርስዎ ያስጠግኑት፤ ጉድጓዱ ኮንክሪት ሳይሞላበት ግን ኢንጅነራችን ይየው። የሚሻልዎትን ይንገሩን።"

ጋሼ መጀመሪያ 500 ሺህ አሉ። እኛም ግምቱን ዘርዝረን አሳየናቸው፤ አሸንዳውን ማዞር፣ ከመሠረቱ ሥር እስከ ጠንካራው መሬት መቆፈርና ኮንክሪት መሙላት፣ ግድግዳውን መጠገን። በ750 ሺህ ተስማማን። ኢንጅነሩም ቅናሹ ይሻላችኋል ብሎን ነበር፤ ሻጭ ቶሎ ለመገላገል ሲያስጠግን ከላይ ለስኖ ሊያስረክብ ይችላል፣ አንዴ ከተሸፈነ ደግሞ የሚያየው የለም።

ጥገናውንም እሱ ነው የተቆጣጠረው። ሥሩ አንዴ ሙሉውን አይከፈትም፣ አንድ አንድ ሜትር እየተዘለለ ነው የሚቆፈረው፤ የተሞላው ሲጠነክር ነው ቀጣዩ የሚከፈተው። ግንበኛው ግድግዳውን መጀመሪያ እንለስን ሲል አይሆንም አለው። ጥጉ መቆሙ ሳይረጋገጥ የሚለሰን ልስን ተመልሶ ይሰነጠቃል፣ ብሩም ይባክናል።

እባካችሁ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ቤቱን እንዲህ ላለ ሰው አሳዩ። ውሉ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር ቀብዱን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ስንጥቅ ተገኘ ብሎ መደራደር እጅ ታስሮ ነው። እኛ ቀብድ ስላልሰጠን ነው ደፍረን የጻፍነው።

ኢንጅነር፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ እጅህ ይባረክ! ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፣ የምትፈልጉ በውስጥ ጠይቁኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚመቸው፣ ቀድማችሁ ያዙት።