«ዝግጁ ነኝ» የሚል ፕሪንተር፣ «የለም» የሚል ኮምፒውተር፦ የዘጠኝ ወር ልምዴ

በዋይፋይ የሚሠራውን ጥቁርና ነጭ ሌዘር ፕሪንተሬን ለትንሿ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቄ ከገዛሁት ዘጠኝ ወር ሆኖታል። የሕትመቱ ጥራት ደኅና ነው፤ ቀለሙም ከጠበቅሁት በላይ ቆይቶልኛል። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ቀለም ለማውራት ሳይሆን፣ በራሱ ስክሪን ላይ Ready እያለ ኮምፒውተሬ ላይ Offline ተብሎ ስለሚገኝበት፣ ከደንበኛ ፊት ስላሳፈረኝ ችግር ነው።

ነገሩ የሚከሠተው መብራት ሄዶ ሲመለስ ነበር፤ ይህን ለማስተዋል ግን ሦስት ወር ፈጀብኝ። በዚያ ጊዜ ሁሉ የማውቀው መፍትሔ ፕሪንተሩን ኮምፒውተሩ ላይ እንደ አዲስ መጫን ብቻ ነበር። እንደ አዲስ ስጭነው ይሠራል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና Offline ይላል። አሮጌውን ሳላጠፋ ስለምጭን አንዱ ማሽን በዝርዝሩ ላይ Copy 1፣ Copy 2 እየተባለ ተባዛ፤ ረዳቴም የትኛውን መምረጥ እንዳለባት ግራ ገባት።

ሻጩን ስጠይቀው «ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ ራውተርዎን ያስመርምሩ» አለኝ። ስለ ማሽኑ ጤንነት እውነቱን ነበር፤ ሲሸጥልኝ ግን «አንዴ ካገናኙት አለቀ» ያለኝም እርሱ ራሱ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ራውተር ለተገናኙት ዕቃዎች ሁሉ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚገኙበትን ቁጥር፣ የሚሰጠው በውሰት ነው። የእኔ ራውተር ደግሞ ሲጠፋ ለማን ምን እንደ ሰጠ አይዝም፤ ሲነሣ ቀድሞ ለጠየቀው ያድላል። ፕሪንተሩ መጀመሪያ 192.168.1.5 ነበር፤ መብራት ከተመለሰ በኋላ 192.168.1.8 ሆነ። ኮምፒውተሩ ግን ሲጫን የተመዘገበለትን አሮጌ አድራሻ እያንኳኳ፣ መልስ ሲያጣ ፕሪንተሩን «የለም» ይላል። ፕሪንተሩም አልዋሸም፤ Ready ማለቱ ወረቀትና ቀለም አለኝ፣ ሞቄ ተዘጋጅቻለሁ ማለት እንጂ ኮምፒውተሩ አግኝቶኛል ማለት አይደለም።

ይህን ለማረጋገጥ ስሞክር አንድ ቀን ሙሉ ተታልያለሁ። በአሮጌው አድራሻ ላይ መልስ የሚሰጥ ዕቃ መኖሩን ለመጠየቅ በኮምፒውተሩ Command Prompt ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

```
ping 192.168.1.5
```

መልስ መጣ! ስለዚህ ግንኙነቱ ደኅና ነው ብዬ ጥፋቱን ፕሪንተሩን በሚያሠራው ሶፍትዌር፣ በሾፌሩ ላይ አላከክሁ። ወደ ማታ ፕሪንተሩን ከሶኬት ነቅዬ ያንኑ ብጽፍ አሁንም መልስ መጣ፤ ለካ አምስት ቁጥርን የወሰደው የረዳቴ ስልክ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የምተማመነው አድራሻውን በፕሪንተሩ ስክሪን፣ ከኔትወርክ መረጃው ላይ አንብቤ በብራውዘር በመክፈት ነው፤ የፕሪንተሩ የራሱ ገጽ ከመጣ በዚያ አድራሻ ያለው እርሱ ነው።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው፤ ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በራውተሩ የማስተካከያ ገጽ ላይ Address Reservation በሚለው ስር የፕሪንተሩን ማክ አድራሻ፣ ማለትም ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የኔትወርክ መለያ፣ አስገብቼ አንድ ቋሚ ቁጥር አስያዝሁለት፤ ከዚያም ፕሪንተሩን አጥፍቼ አበራሁትና ቁጥሩን መያዙን በስክሪኑ ላይ አየሁ። ቀጥሎ በኮምፒውተሩ Printer properties ገብቼ Ports በሚለው ስር Add Port ብዬ Standard TCP/IP Port መረጥሁና ያንኑ ቁጥር ሰጠሁት። ሁለተኛውን ብቻ ብሠራ ኖሮ በሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ወደ ነበርሁበት እመለስ ነበር።

ሁለተኛው ኮምፒውተሬ ግን ይህ ሁሉ ተደርጎለት አሁንም Offline አለ። እዚያ ያዳነኝ ከዚያው Ports ውስጥ Configure Port ከፍቼ SNMP Status Enabled ከሚለው ላይ ምልክቱን ማንሳቴ ነው። ኮምፒውተሩ የፕሪንተሩን ሁኔታ የሚጠይቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ለጥያቄው ምላሽ ካላገኘ፣ ማተም የሚቻል ቢሆን እንኳ «የለም» ብሎ ይደመድማል። ምልክቱ ሲነሣ ጥያቄው ይቀራል። ጉዳቱ ወረቀት ሲያልቅ ወይም ሲጣበቅ ኮምፒውተሩ ላይነግረኝ መቻሉ ነው፤ ፕሪንተሩ አጠገቤ ስለሆነ ግን አልከበደኝም።

ሻጩ ይህን ቢያነብ «ታዲያ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም» እንደሚል አውቃለሁ። አይደለም። ይሁን እንጂ ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ ስለ ቀለም መለወጥ በሥዕል ጭምር ሲያስረዳ፣ አድራሻ ስለ ማስያዝ አንዲት መስመር አልጻፈም። እነዚያን ሦስት ወራት ሳስብ እናደዳለሁ፤ ማሽኑን ግን አልሸጠውም። ካስተካከልሁት ስድስት ወር አልፎታል፤ መብራት ስንት ጊዜ እንደ ሄደ መቁጠር ትቻለሁ፣ Offline የሚለውን ግን ዳግም አላየሁም። ራውተር የቀየርሁ ዕለት የተያዘው አድራሻ ከአሮጌው ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ ማክ አድራሻውንና ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ፕሪንተሩ ጎን ላይ ለጥፌዋለሁ።