ቁጥሩ ኦሪጅናል ነው፤ ዕቃውስ? የሚፋቅ ኮድ፣ ሲሪያል ነምበርና አይኤምኢአይ ሲነጻጸሩ

መርካቶም ሆነ መገናኛ፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ሰው ዛሬ ዛሬ አንድ የተለመደ ንግግር አለው። «ሲሪያሉን ራስህ ቼክ አድርገው፣ ፎርጅድ ከሆነ መልስልኝ» ይላል። ገዢው ቁጥሩን ድረ ገጽ ላይ ያስገባል። ገጹ የዕቃውን ስም ጽፎ ይመልሳል። ሒሳብ ይከፈላል፣ ነገሩ አለቀ።

ግን ድረ ገጹ የመለሰው ስለ ቁጥሩ ብቻ ነው። ዕቃውን አላየውም። አንድ ሰው ከአንድ ኦሪጅናል ካርቶን ላይ ያገኘውን ቁጥር ሺህ ፎርጅድ ካርቶን ላይ ቢያትመው፣ ሺሁም ገዢዎች ያው አንድ ደስ የሚል መልስ ይደርሳቸዋል። ስለዚህ የማረጋገጫ መንገዶችን ሳነጻጽር የማየው ሁለት ነገር ነው። ቁጥሩን መቅዳት ምን ያህል ያስቸግራል? መልሱስ ቁጥሩ የተቀዳ መሆኑን ያሳብቃል ወይ?

የሚፋቀው ኮድ

ይህን በደንብ የሚያሳየው የሻዎሚ ፓወር ባንክ ነው። ካርቶኑ ላይ የምትፋቅ ትንሽ ስቲከር አለች። ሥሯ ሃያ አሃዝ ያለው ኮድ አለ። mi.com/global/verify ላይ ገብተህ ኮዱን ታስገባለህ። እዚያው ገጽ ላይ የስልክ አይኤምኢአይና ሲሪያል የሚጠየቅበት ሌላ ክፍል አለ፣ እሱን ለፓወር ባንክ አትጠቀምበት።

አሠራሩ የድሮውን የሞባይል ካርድ ይመስላል። እያንዳንዱ ካርቶን የራሱ ኮድ አለው፣ ኮዱም ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ግን መሸፈኑ ላይ አይደለም፣ ሲስተሙ ጥያቄዎችን መቁጠሩ ላይ ነው። ኮዱ ከዚህ በፊት ተጠይቆ ከሆነ መልሱ ላይ ይታያል።

መልሱን እንዲህ አንብበው። ኮዱ ትክክል ነው፣ የመጀመሪያ ጥያቄም ነው ካለ፣ የምርቱ ስም ደግሞ ከያዝከው ጋር ከገጠመ፣ ጥሩ ነው። ኮዱ ትክክል ሆኖ ከዚህ በፊት ተጠይቋል ካለ፣ መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ። ቅድም ኔትወርክ ተቆራርጦብህ ሁለቴ ልከኸዋል? ካልሆነ፣ ወይ ካርቶኑ ሌላ ሰው እጅ የገባ ነው፣ ወይ ስቲከሩ ኮፒ ነው። በተለይ ብዙ ጊዜ ተጠይቋል የሚል መልስ ሲመጣ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አንድ ኮድ ብዙ ካርቶን ላይ ታትሟል ማለት ነው። ኮዱ የለም ካለ ደግሞ ቁጥሩን በአራት በአራት ከፍለህ እያነበብክ አንዴ ድገም። ሃያ አሃዝ ሲጻፍ መሳሳት ቀላል ነው።

እዚህ ጋ ሁለት ቀዳዳ አለ። አንደኛው፣ ቀድሞ የተፋቀ ስቲከር ነው። ሻጩ «ለአንተ ብዬ ፍቄ አይቼዋለሁ» ካለህ ቆጠራው ዋጋ አጣ፤ ሌላ ካርቶን ጠይቅ። ሁለተኛው ይበልጥ ተንኮል ያለበት ነው። ፎርጅዱ ካርቶን ላይ ኪው አር ኮድ ይታተምና ስካን ስታደርገው የሚወስድህ አጭበርባሪዎቹ ራሳቸው ወደሠሩት ገጽ ነው። ገጹ ቁርጥ የአምራቹን ይመስላል፣ የትኛውም ኮድ ቢገባለት «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ዝም ብለህ ከራስህ ፈጥረህ ሃያ አሃዝ አስገባ። ያንንም ኦሪጅናል ነው ካለህ፣ ገጹ ራሱ ፎርጅድ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ካርቶኑ ላይ ያለውን ኪው አር ተወውና አድራሻውን በራስህ እጅ ጻፍ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ኮዱ የሚመሰክረው ለካርቶኑ ነው። ካርቶኑ ተከፍቶ ውስጡ ከተቀየረ ኮዱ አያውቅም። ስለዚህ ፍቆ ማየትም ማሸጊያውን መክፈትም በገዢው እጅ፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ሲሪያል ነምበር

አፕል የሚፋቅ ኮድ የለውም። ያለው checkcoverage.apple.com ነው፤ ሲሪያሉን ስታስገባ የዕቃውን ዓይነትና የዋስትናውን ሁኔታ ይነግርሃል። ሲሪያል ግን ካርቶኑ ጀርባ ላይ በግልጽ የታተመ ነው። ማንም በስልኩ ፎቶ አንስቶት ይሄዳል። ገጹም ስንት ሰው እንደጠየቀ አይነግርህም። በዚህ በኩል ከሚፋቀው ኮድ በጣም የደከመ ነው።

ለዚህ ነው የኤርፖድስ ኮፒ ሁሉ ቼክ ሲደረግ «ኦሪጅናል» የሚወጣው። ሻጩ ላይዋሽህ ይችላል፣ እሱም ያየው ያንኑ ገጽ ነው። «Valid Purchase Date» የሚል አረንጓዴ ምልክት ካየህ ትርጉሙ ይህ ብቻ ነው፤ አፕል በዚህ ቁጥር የሸጠው ዕቃ በዓለም ላይ የሆነ ቦታ አለ። እጅህ ላይ ያለው እሱ መሆኑን አልተናገረም።

ለኤርፖድስ የሚያዋጣው ቼክ ገጹ ላይ ሳይሆን አይፎኑ ላይ ነው። ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ አይፎን ኤርፖድስ ሲያገናኝ ዕቃውን ራሱ ይፈትነዋል። ካልተስማማው ኦሪጅናል መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልኩም የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ይህን በታተመ ቁጥር ማታለል አይቻልም። ማስጠንቀቂያው ካልመጣም አንድ ነገር ጨምር። ኤርፖድሱ እንደተገናኘ ዝርዝር መረጃው ውስጥ ሲሪያሉን ነካ ነካ አድርገው። ኦሪጅናሉ ለቀኙ፣ ለግራውና ለማስቀመጫው ሦስት የተለያየ ቁጥር አለው። አንድሮይድ ብቻ የያዝክ ከሆንክ አይፎን ያለው ጓደኛ ይዘህ ሂድ፤ ያለ እሱ ኤርፖድስ መግዛት ቁማር ነው።

አይፎን ላይ ግን ይኸው ገጽ በጣም ይጠቅማል። ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ ፎርጅድ የሆነ አይፎን ከፍተኸው ሴቲንግ ውስጥ ስትገባ ወዲያው ይታወቃል። እኛ ገበያ ላይ ትልቁ ማጭበርበሪያ እሱ አይደለም። ያገለገለውን ስልክ አጽድቶ፣ ካርቶን ቀይሮ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ «ፓክድ ነው» ብሎ መሸጥ ነው። ገጹ ይህን የሚያጋልጠው በቀኖቹ ነው።

እንበልና መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ በፈረንጆቹ ማርች 10 ቀን 2025፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ አይፎን ቀረበልህ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሲሪያል አስገባህ። መልሱ፦ የስልክ ድጋፍ ጊዜው አልፏል፤ የጥገና ዋስትና እስከ ጁን 4 ቀን 2025 ይቆያል። የአፕል መደበኛ ዋስትና አንድ ዓመት ነው። ከጁን 4 አንድ ዓመት ወደኋላ ስትቆጥር ጁን 2024 ላይ ትደርሳለህ። ነጻ የስልክ ድጋፉ ደግሞ 90 ቀን ነው፤ እሱም ማለቁ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ይህ «አዲስ» ስልክ ሥራ ከጀመረ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። ላስቲኩ የተጠቀለለው ከዚያ በኋላ ነው። ተጨማሪ ዋስትና ተገዝቶለት ከሆነ ቀኑ ሊረዝም ይችላል፣ ገጹ ግን ያንን በስሙ ይጠራዋል።

በትክክል ያልተከፈተ አይፎን ከሆነ ገጹ መሣሪያው ገና አክቲቬት አልተደረገም ይልሃል። ለፓክድ ስልክ የምትፈልገው መልስ ይህ ነው። የግዢ ቀኑ አልተረጋገጠም ቢልህ አትደንግጥ፤ ያ የፎርጅድ ምልክት ሳይሆን አፕል ዘንድ ያለው የቀን መዝገብ አለመሙላቱ ነው። ቁጥሩ በሌላ የተተካ ዕቃ ነው ካለ ግን ተወው። ትክክለኛ ቁጥር አይደለም ካለ፣ መጀመሪያ «ኦ» የምትመስለውን ወደ ዜሮ ቀይረህ ሞክር። አፕል ሲሪያል ውስጥ የ«ኦ» ፊደልን አይጠቀምም።

ስልኩ ከተከፈተ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ General፣ ከዚያ About ግባ። እዚያ ያለው ሲሪያል ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆን አለበት። የሞዴል ቁጥሩን የመጀመሪያ ፊደልም ተመልከት። M ከሆነ እንደ አዲስ የተሸጠ ነው። F ከሆነ አፕል አድሶ የሸጠው፣ N ከሆነ በዋስትና ምትክ የተሰጠ ነው። F መጥፎ አይደለም፣ በአዲስ ዋጋ ከተጠየቅክበት ነው መጥፎ የሚሆነው። ስክሪን ወይም ባትሪ ተቀይሮ ከሆነም አዲሶቹ ሞዴሎች እዚያው ገጽ ላይ ይጽፉታል፤ የተገጠመው ዕቃ የማይታወቅ ከሆነ ያንንም ይላሉ።

አይኤምኢአይ

አንድሮይድ ለሚገዛ የቀረው ይህ ነው። ይህን ደውል፦

```
*#06#
```

አሥራ አምስት አሃዝ ይወጣል፤ ስልኩ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ስምንት አሃዞች የሞዴሉ መለያ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩን አምራቹ ገጽ ላይ ስታስገባ የመጣው የሞዴል ስም ከያዝከው ስልክ የተለየ ከሆነ፣ ካርቶኑ ምንም ቢል ፎርጅድ ነው። ስሙ ከገጠመ ግን ብዙም አልተነገረህም፣ ኮፒ ሠሪዎች የእውነተኛ ስልክ አይኤምኢአይ ይጭናሉና። ስልኩ ያወጣውን ከካርቶኑ ጋር አስተያይ። ካልተገናኙ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው፣ ስልኩም ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

የቱን ልመን?

ለፓወር ባንክ፣ ለቻርጀርና ለመሳሰሉት ርካሽ ዕቃዎች የሚፋቅ ኮድ ያለውን ምረጥ። ሁለት ብራንድ በዋጋ ተቀራርበው አንዱ ጥያቄ የሚቆጥር ኮድ ካለው፣ ሌላው ካርቶኑ ላይ የታተመ ሲሪያል ብቻ ካለው፣ እኔ የመጀመሪያውን ነው የምገዛው። ለኤርፖድስ ሲሪያሉን እርሳውና አይፎን አስፈትነው። ለፓክድ አይፎን የገጹ ቀን ከሻጩ ምላስ ይበልጣል። ለአንድሮይድ አይኤምኢአይ ስልኩን ለመጣል እንጂ ለማጽደቅ አያገለግልም።

ሻጩ «ካርቶኑ ከተከፈተ አልመልስም» የሚል ከሆነ ከመክፈትህ በፊት ተስማሙ፤ ደረሰኙ ላይ ሲሪያሉን ወይም አይኤምኢአዩን በእጁ ይጻፍልህ። ይህንን እንቢ የሚል ሱቅ ውስጥ ቁጥሩ ምንም ቢመልስ አልገዛም።