በእጅ የሚያዘው የድፍርስነት መለኪያችን ከወራት በኋላ፦ ከ0.2 በታች ያለውን ቁጥር ምን ያህል ልመነው?

የምሠራው በአንዲት ትንሽ ከተማ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ውሃችን የሚመጣው ከወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ ጥሬው ውሃ ጭቃ ይሆንና ኤንቲዩ በሚባለው የድፍርስነት መለኪያ አሃድ ብዙ መቶ ይደርሳል። ከአሸዋ ማጣሪያው የሚወጣው ግን ከ0.3 በታች እንዲሆን እንፈልጋለን። ሁለቱንም የምንለካው በአንድ መሣሪያ ነው። በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ የተንግስተን አምፖል ያለው መለኪያ ነው። አምፖሉ በናሙናው ውስጥ ብርሃን ይልካል። በ90 ዲግሪ ጎን የተቀመጠው መቀበያ ደግሞ ከቅንጣቶቹ ላይ ተበትኖ የመጣውን ብርሃን ይለካል።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ከ1 ኤንቲዩ በላይ ላለው ሥራ በጣም ረክቼበታለሁ። ከ0.2 በታች ሲወርድ ግን ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ሁለተኛ አሃዝ እንደወረደ አልወስደውም። ምክንያቱ መሣሪያው መጥፎ መሆኑ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ካሊብሬሽኑ፣ ማለትም ድፍርስነቱ በሚታወቅ ፈሳሽ፣ በስታንዳርድ፣ መለኪያውን ስለማስተካከሉ። የስታንዳርዱ መነሻ ፎርማዚን የሚባል ድፍርስ ፈሳሽ ነው። የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዘዴ 180.1 አሠራሩን በግልጽ ያስቀምጠዋል። 1 ግራም ሃይድራዚን ሰልፌት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም ሄክሳሜቲሊን ቴትራሚን በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ይሟሟል። ከሁለቱ 5፣ 5 ሚሊ ሊትር ተወስዶ ይደባለቅና በ25 ዲግሪ አካባቢ ለ24 ሰዓት ይቀመጣል። ከዚያ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ሲሞላ 400 ኤንቲዩ ይሆናል። የፎርማዚን ቅንጣቶች መጠናቸውም ቅርጻቸውም የተለያየ ነው። እንደ ወንዝ ውሃ ደለል ማለት ይቻላል። በትክክል ከተመዘነ ደግሞ የትም ቢሠራ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ችግሩ ሃይድራዚን ሰልፌት ካንሰር አምጪ ተብሎ የሚፈራ ኬሚካል መሆኑ ነው። ያለ ጓንትና ያለ ጭስ ማውጫ አይነካም። ስለዚህ እኛ የምንጠቀመው ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን፣ እንዳይበላሽ የተረጋጋውን ፎርማዚን ነው። 20፣ 100 እና 800 ኤንቲዩ አለን።

ከፎርማዚን ሌላ ከጥቃቅን የፖሊመር ዶቃዎች የሚሠራ ስታንዳርድ አለ። እሱም ጥሩ ነው፤ ቶሎ አይዘቅጥም፣ መርዛማነቱም አያሰጋም፣ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የፖሊመር ዶቃዎቹ በጣም ጥቃቅንና መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ምን ያህል ብርሃን እንደሚበትኑ በመሣሪያው የብርሃን ዓይነትና በመቀበያው አቀማመጥ ላይ ይወሰናል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚሠራው ለተሰየመለት ሞዴል ብቻ ነው። እኛ ጋ ለኢንፍራሬድ መሣሪያ የተዘጋጀ ባለ 20 ፖሊመር ነበር። በፎርማዚን ካሊብሬት በተደረገው በእኛ ነጭ ብርሃን መለኪያ ስናየው 27 አካባቢ አነበበ። ጥቃቅን ዶቃዎች አጭር የብርሃን ሞገድን አብልጠው ስለሚበትኑ ነው። በዚያ ፖሊመር ካሊብሬት ብናደርግ ኖሮ ከዚያ በኋላ የምንለካው ውሃ ሁሉ ከእውነተኛው ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ይወጣ ነበር። ፖሊመር ስትገዙ መጀመሪያ የሞዴሉን ስም አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ20፣ በ100 እና በ800 የሚደረገው ካሊብሬሽን የሚያስተካክለው ድፍርስነቱ ሲጨምር ንባቡ ምን ያህል እንደሚጨምር ነው። ከታች ያለውን መነሻ አይነካም። መቀበያው ላይ ከናሙናው ቅንጣቶች ያልመጣ ብርሃንም ይደርሳል። ከናሙናው ጠርሙስ ጭረት፣ ከመስታወቱ ግድግዳ፣ ሌንስ ላይ ካረፈ አቧራ እየተንጸባረቀ የሚመጣ የባዘነ ብርሃን ነው። መሣሪያው ይሄን ከእውነተኛው መለየት አይችልም። ስለዚህ ሁሌም ንባቡን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ምን ያህል እንደሚገፋ ለማወቅ ቀላል ሙከራ አለ። ዲስቲልድ ውሃ በ0.2 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፈን ለካን። 0.06 አለ። ከዚያ ከ20 ስታንዳርዱ 5 ሚሊ ሊትር ወስደን በዚያው ንጹህ ውሃ እስከ 200 ሚሊ ሊትር ሞላን። ይህ 0.50 የጨመረ ማለት ነው። ንባቡ 0.56 ሆነ። 10 ሚሊ ሊትር ወስደን እስከ 200 ስንሞላ፣ ማለትም 1.00 ስንጨምር፣ 1.06 አነበበ። ጭማሪው ልክ ነው፤ ካሊብሬሽኑ ደህና ነው። 0.06ቷ ግን ሁሉም ጋ ተከትላ ትሄዳለች። በጣም ንጹህ ውሃ ራሱ የውሃው ሞለኪውሎች ስለሚበትኑ 0.02 አካባቢ አለው። የቀረው 0.04 የባዘነ ብርሃን ነው። (እንዲህ የቀጠነ ፎርማዚን አይቆይም፤ በሠራችሁበት ሰዓት ለክታችሁ ድፉት።)

0.04 በ20 ኤንቲዩ ላይ ከመቶ 0.2 ብቻ ነው፤ ማንም አያየውም። ማጣሪያችን 0.10 ሲል ግን ከንባቡ አርባ በመቶው ከውሃው አይደለም። 

«ታዲያ ንጹሁን ውሃ ዜሮ አድርጎ መቀነስ ነዋ!» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልመክርም። አንደኛ፣ የውሃው የራሱ 0.02 አብሮ ይቀነሳል፤ ውሃው በደንብ ያልተጣራ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቀነስና ንባባችሁ ከእውነተኛው በታች ይወርዳል። ሁለተኛ፣ የባዘነው ብርሃን ከጠርሙስ ጠርሙስ፣ ከቀን ቀን ይለያያል። አንድ ጠርሙስ ላይ የተገኘውን ከሌላው ላይ መቀነስ አይቻልም።

ይሄን በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ ንጹህ ውሃ የያዘ ጠርሙስ አስገቡና በትንሽ በትንሹ እያዞራችሁ ለኩ። አንዱ ያረጀ ጠርሙሳችን ውሃው ሳይቀየር ከ0.09 እስከ 0.21 ይሄድ ነበር። በጥፍር የማይዳሰስ ስስ ጭረት ነው ያለበት። ያንን ጠርሙስ አሁን ለጥሬ ውሃ ብቻ እናውለዋለን። ለተጣራው ውሃ አንድ ደህና ጠርሙስ ለይተን፣ ዝቅተኛውን ንባብ በሚሰጥበት አቅጣጫ ምልክት አድርገንበታል። ሁልጊዜ በዚያው አቅጣጫ ይገባል። ከውጭ በኩል አንዲት ጠብታ የሲሊኮን ዘይት ቀብቶ ቃጫ በማይለቅ ጨርቅ መወልወልም ስስ ጭረቶችን ይሸፍናል። ዘይቱ መብዛት የለበትም፤ ሲነካ ደረቅ መስሎ መታየት አለበት።

የአረፋና የጤዛ ነገርም አለ። ከቧንቧ ገና የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ጠርሙሱን ላብ ያስይዘዋል፤ ንባቡም ይዘላል። የላብራቶሪውን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ። ስታንዳርዱንም አገላብጡት እንጂ አትናጡት።

መሣሪያው በወራቱ ውስጥ ምን ለወጠ? 20 ስታንዳርዱ ከቦታው አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። የንጹህ ውሃው ንባብ ግን ቀስ እያለ ከ0.06 ወደ 0.11 ወጣ። ላይኛው ቆሞ ታችኛው ብቻ ሲያድግ የካሊብሬሽን ችግር አይደለም፤ የባዘነ ብርሃን ጨምሯል ማለት ነው። የጠርሙሱን ማስገቢያ በአየር መንፊያ አጸዳነው፣ ሌንሱን በሌንስ ወረቀት ጠረግነው። ተመልሶ 0.07 ሆነ። አዲስ ካሊብሬሽን ብቻ ብናደርግ ኖሮ ምንም ባልተሻሻለ ነበር። የአቅራቢው መመሪያ ስለዚህ ጽዳት አንድ መስመር ብቻ መጻፉን አልወደድኩትም።

ልግዛው ወይ ለምትሉ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ትልልቅና በደንብ የሚተዳደሩ ጣቢያዎች ከክሎሪን በፊት ሁልጊዜ ከ0.5 በታች፣ በአማካይ ደግሞ 0.2 ወይም ከዚያ በታች መድረስ እንዳለባቸው ይላል። 0.5ን ለመጠበቅ ይሄ መሣሪያ ይበቃል። 0.2 ላይም ማጣሪያው ከትናንት ዛሬ መባሱን በደንብ ያሳያል፤ ጠርሙሱና አቅጣጫው ካልተቀየረ። 0.08ን ከ0.05 ለይቶ ሪፖርት ማድረግ ያለበት ሰው ግን የባዘነ ብርሃኑ በጣም ዝቅ ያለ የጠረጴዛ ወይም የሌዘር መሣሪያ ያስፈልገዋል። እኛ መዝገባችን ላይ ከእያንዳንዱ የተጣራ ውሃ ንባብ ጎን የዕለቱን የንጹህ ውሃ ንባብ እንጽፋለን። ሁለቱ ከተቀራረቡ «ከ0.1 በታች» ብለን እናልፈዋለን።