ሸኚ ደብዳቤዬን ላቃናችልኝ ተርጓሚ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ለሁለተኛ ዲግሪ ያመለከትሁበት የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ማስረጃዎቼን በኢሜይል እንድልክ ጠየቀኝ። ሸኚ ደብዳቤውን በአማርኛ አርቅቄ ወደ እንግሊዝኛ እንድትመልስልኝ ለአንዲት ተርጓሚ ሰጠኋት። የጠበቅሁት አንድ ሙሉ ገጼ በሌላ ቋንቋ ተጽፎ እንዲመጣልኝ ነበር። የመጣልኝ ግን አራት ጥያቄ ነው። ቀኑ እየቀረበ ስለነበር ተናደድሁ፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ደግሞ ያሳፍረኛል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዓመት ነበር። እኔ «በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. ተመርቄያለሁ» ብዬ ጽፌያለሁ። ትራንስክሪፕቴ የሚለው ግን 2023 ነው። እኛ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን እናውቃለን፤ በቅበላ ክፍል የተቀመጠው ሠራተኛ ግን አያውቅም። ደብዳቤዬ እንዳለ ተተርጉሞ ቢሆን ኖሮ ወይ ማስረጃው የእኔ አይደለም ይላል፣ ወይም ስምንቱን ዓመት የት እንደነበርሁ ይጠይቃል። እሷም ሐምሌ 2015ን ወደ ጁላይ 2023 መለሰችው። ስምንትን መደመር ሁልጊዜ እንደማይሠራም ነገረችኝ፤ የተመረቅሁት በጥቅምት 2015 ቢሆን ኖሮ የሚጻፈው 2022 ነበር።

ሁለተኛው ስለ ስሜ ነው። የአባቴ ስም በፓስፖርቴ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ በዲግሪዬ ላይ በሌላ ተጽፏል። እኔ ለዓመታት ልብ ሳልለው የኖርሁትን እሷ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ አየችው። ደብዳቤውን በፓስፖርቱ አጻጻፍ ጻፈችና፣ በዲግሪው ላይ ያለው ስም የዚሁ ሰው መሆኑን የሚናገር አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጨመረችበት። ማብራሪያ አላበዛችም።

ሦስተኛው «ዋናውን ትራንስክሪፕት ልኬያለሁ» ያልሁት ነው። «የሚልኩት ስካን የተደረገ ቅጂ ነው፤ ዋናው ከየት ይደርሳቸዋል?» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲው የላከልኝን መመሪያ እንደገና ስናነብ ዋናው በቀጥታ ከተማርሁበት ተቋም ሬጅስትራር እንዲላክ ይጠይቃል። ደብዳቤው ላይ ቅጂ መሆኑና ዋናው በሬጅስትራሩ በኩል እንደሚመጣ ተጻፈ። ይህ ባይታረም ያልላክሁትን ልኬያለሁ ማለቴ ነበር።

አራተኛው ጥያቄ ግን ከሁሉም ይበልጥ ገባኝ፦ «ይህን የሚያነበው ሰው አንብቦ ሲጨርስ ምን እንዲያደርግ ይፈልጋሉ?» ረቂቄን መልሼ አየሁት። በ«የከበረ ሰላምታዬን» ይጀምራል፣ ስለ ልጅነት ምኞቴ ያወራል፣ ሦስት ቦታ «በትሕትና እለምናለሁ» ይላል። የማመልከቻ ቁጥሬ ግን አንድም ቦታ የለም። በአማርኛ የአክብሮት መግቢያ ያለው ደብዳቤ ያምራል፤ ማስረጃ መዝግቦ ወደ ፋይል ለሚያስገባ ሠራተኛ ግን ልመናው ምንም አያደርግለትም፤ የመቀበል ሥልጣንም የለውም። ስለ ምኞቴ የሚናገረው ክፍል የዓላማ መግለጫዬ ውስጥ እንዳለ አስታውሳኝ ሰረዘችው። ትንሽ ቅር አለኝ፤ የደከምሁበት አንቀጽ ነበር።

የቀረው ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው፦ ማን እንደሆንሁና የትኛውን ትምህርት እንዳመለከትሁ፣ ምን ምን እንዳያያዝሁ፣ የስሙና የዋናው ትራንስክሪፕት ጉዳይ፣ የጎደለ ካለ እንዲያሳውቁኝ፣ አንድ ምስጋና። የርእስ መስመሩን እንዲህ አድርጋ ሰጠችኝና ባዶውን ቁጥር እኔ ሞላሁት፦

```
Application No. ______ – transcript and degree
```

በስልኬ ያነሳኋቸውን እንደ `IMG_2031.jpg` ያሉ ፋይሎችም ወደ ፒዲኤፍ አስቀይራ `Transcript.pdf` እና `Degree.pdf` አስባለቻቸው፤ በደብዳቤው ውስጥ የተጠቀሱት በዚሁ ስም ነው። ሠራተኛው የትኛው የትኛው እንደሆነ እየከፈተ መፈለግ የለበትም።

ከሁለት ቀን በኋላ ማስረጃዎቼ እንደደረሱና ከሬጅስትራሩ የሚጠበቀው ብቻ እንደቀረ የሚገልጽ መልስ መጣ። ተቀበሉኝ ማለት አይደለም፤ ያ ገና ነው።

እንከኗንም ልናገር። ፈጣን አይደለችም፤ ጥያቄዋ ሳይመለስ ሥራ አትጀምርም፤ ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ለሚሮጥ ሰው አትሆንም። የዲግሪና የትራንስክሪፕት ሕጋዊ ትርጉምም አትሠራም፤ ፈቃድና ማኅተም ወዳላቸው ተርጓሚዎች ትመራለች። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ለሚፈልግ በግል አገናኛለሁ። ወደ እሷ ስትሄዱ የአማርኛ ረቂቃችሁን፣ ዩኒቨርሲቲው የላከላችሁን መመሪያና ፓስፖርታችሁን አብራችሁ ያዙ፤ ፓስፖርቱን መጀመሪያ ትጠይቃለች።