ከመረብ ኮድ ውስጥ ሜትሩን ለይቶ ማውጣት፦ የድሮው ኤክሴል፣ ማይክሮሶፍት 365፣ ጉግል ሺትስ ወይስ ሊብሬኦፊስ?

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ የአሳ ማጥመጃ መረብ የሚሸጥ ዘመድ አለኝ። የዕቃ መዝገቡን በኮምፒውተር የምሠራለት እኔ ነኝ። የመረቦቹ ኮድ ይህን ይመስላል፦

```
210D/9-80MM-50MD-100M
```

210D የክሩን ውፍረት ይናገራል፤ መለኪያው ዴኒየር ነው። 9 ማለት ዘጠኝ ክር ተገምዷል ማለት ነው። 80MM የመረቡ ዓይን ተወጥሮ ሲለካ 80 ሚሊ ሜትር ነው። 50MD ቁመቱ 50 ዓይን መሆኑን ይገልጻል። 100M ደግሞ ርዝመቱ ነው፣ 100 ሜትር።

አንድ ቀን ጋሼ፣ «አንተ፣ ይሄ ሁሉ መረብ ሜትሩ በስንት ነው የሚያወጣው?» አለኝ። ለዚህ መልስ የምፈልገው 100ን ብቻ ነው። ኮዱ ውስጥ ግን አምስት ቁጥር አለ። ከአምስቱ ሦስቱን ተከትሎ የሚመጣው ፊደል M ነው። የሥራው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራም ስትመርጡም ይህን የሚለይላችሁን ነው መፈለግ ያለባችሁ።

ብዙ ሱቅ ውስጥ ያለው የድሮው ኤክሴል ነው። ከ2013 ጀምሮ ፍላሽ ፊል የሚባል ነገር አለው። ከኮዱ ጎን 100 ብላችሁ ትጽፉና ቀጣዩ ረድፍ ላይ Ctrl+E ትጫናላችሁ። የቀረውን ራሱ ገምቶ ይሞላል። ኮዶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ ካላቸው በጣም ፈጣን ነው። ነገር ግን ግምት ነው። አንድ ረድፍ ለየት ካለ ሌላ ቁጥር ሊያነሳ ይችላል፣ ሲሳሳትም ምንም ምልክት አያሳይም። ደግሞ ኮዱን በኋላ ብታስተካክሉት ቁጥሩ አብሮ አይለወጥም። ለአንድ ጊዜ ሥራ እንጂ ለቋሚ መዝገብ አልመክረውም።

እዚያው ኤክሴል ላይ በፎርሙላ መሥራትም ይቻላል። እኔም መጀመሪያ የሠራሁት በዚህ ነበር፦

```
=VALUE(SUBSTITUTE(TRIM(RIGHT(SUBSTITUTE(A2,"-",REPT(" ",50)),50)),"M",""))
```

ሰረዙን በብዙ ክፍት ቦታ ይተካና የመጨረሻውን ቁራጭ 100M ያነሳል። ከዚያ M ይሰረዛል፣ 100 ይቀራል። ለብዙ ረድፍ በትክክል ሠራ። ከሌላ አቅራቢ የመጣ መረብ ግን ኮዱ እንዲህ ነበር፦

```
MONO-0.20-100M-80MM
```

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ሜትሩ ቀድሞ የዓይኑ መጠን መጨረሻ ላይ ነው። ፎርሙላው 80MMን አንስቶ ሁለቱንም M ሰረዘና 80 ብሎ ሰጠኝ። ስህተት የሚል ምልክት የለም። መረቡ በ3,000 ብር ተገዝቷል እንበል። ለ100 ሜትር ሲካፈል ሜትሩ 30 ብር ነው። ለ80 ሲካፈል ግን 37.50 ይሆናል። ዋጋ የምትተምኑት በዚህ ከሆነ ደንበኛ የሚሸሸው ለምን እንደሆነ እንኳ አታውቁም።

ቁጥሩን በቦታው ሳይሆን በመለኪያው መፈለግ ያስፈልጋል። «ቁጥር፣ ከዚያ M፣ ከM በኋላ ሌላ ፊደል የሌለ» ብሎ ማዘዝ ማለት ነው። ይህን የሚችሉት ሬጅክስ፣ ማለትም ጽሑፍን በቅርጹ የመፈለጊያ ዘዴ፣ ያላቸው ፕሮግራሞች ናቸው። በጉግል ሺትስ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=VALUE(REGEXEXTRACT(A2,"(\d+)M\b"))
```

`\d+` የቁጥሮች ተከታታይ ነው። `\b` ቃሉ እዚህ ማለቅ አለበት ይላል። ስለዚህ 80MM ይታለፋል፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው M በኋላ ሌላ M አለ። 50MDም በዚያው ይወድቃል። 100M መጨረሻ ላይ ቢሆንም መሃል ላይ ቢሆንም ይገኛል። በቅንፍ የታጠረው ብቻ ስለሚወጣ M አብሮ አይመጣም።

በሊብሬኦፊስ ካልክ (ከ6.2 ጀምሮ) አጻጻፉ ትንሽ ይለያል፦

```
=VALUE(REGEX(A2;"\d+(?=M\b)"))
```

እዚህ `(?=...)` ማለት «ከፊቱ M መኖሩን እይ፣ ግን አትውሰደው» ነው። በማይክሮሶፍት 365ም ሐሳቡ ያው ነው፦

```
=VALUE(REGEXEXTRACT(A2,"\d+(?=M\b)"))
```

የ365ቱን ወደ ጉግል ሺትስ ገልብጣችሁ ብትወስዱት ግን አይሠራም። የፋንክሽኑ ስም አንድ ቢሆንም ጉግል `(?=` የሚለውን አይቀበልም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀያይር ሰው ይህን ይያዝ።

ሦስቱም የሚጋሩት አንድ ጥሩ ጠባይ አለ። ኮዱ ውስጥ ሜትር ከሌለ #N/A ይላሉ። እባካችሁ ይህን በIFERROR ዜሮ አድርጋችሁ አትሸፍኑት። #N/A ያለበት ረድፍ «መጋዘን ገብታችሁ መለያውን አንብቡ» እያላችሁ ነው። አቅራቢው M በትልቁ ሳይሆን m ብሎ ከጻፈም #N/A ይመጣል። ያኔ ከፊት `(?i)` መጨመር ነው፤ ሦስቱም ይቀበሉታል።

VALUEን አትርሱ። ሬጅክስ የሚያወጣው 100 ለፕሮግራሙ ጽሑፍ ነው። ያለ VALUE ከታች SUM ብትሉ ድምሩ 0 ይሆናል። የምታውቁት በአሰላለፉ ነው፤ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል፣ ቁጥር ወደ ቀኝ።

ታዲያ የቱን ልያዝ? ማይክሮሶፍት 365ን ለዚህ ሥራ ብቻ ብሎ መግዛት አይታየኝም። ምዝገባው በየጊዜው የሚከፈል ነው፣ የውጭ ክፍያ የሚያስኬድ ካርድም ይፈልጋል። አስቀድሞ ያለው ሰው ግን ሌላ ፍለጋ መሄድ የለበትም። አንድ ጊዜ ተገዝተው የሚቀመጡት 2016፣ 2019 እና 2021 ይህ ፋንክሽን የላቸውም፤ «አዲስ ኤክሴል ነው» ተብላችሁ ስትገዙ ባዶ ሴል ላይ =REGEX ብላችሁ ጻፉና ዝርዝሩ ውስጥ ይምጣ አይምጣ እዩ።

ጉግል ሺትስ ነጻ ነው። ባለቤቱም ሻጩም በየስልካቸው አንድ መዝገብ የሚያዩ ከሆነ ከእሱ የሚሻል የለም። ኔትወርክ ሲጠፋ ለመሥራት ግን ከመስመር ውጪ የሚሠራበትን ቅንብር አስቀድሞ ማብራት ያስፈልጋል።

እኔ ለጋሼ ሱቅ ሊብሬኦፊስን መርጫለሁ። ነጻ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ላፕቶፑም አንድ ብቻ ነው። ጉድለቱ ፋይሉን ኤክሴል ላለው ሰው ስትልኩ ይታያል። እዚያ ሲሰላ #NAME? ይላል። ከመላኬ በፊት የሜትሩን አምድ ኮፒ አድርጌ ቁጥሩን ብቻ እለጥፋለሁ።

በአማርኛ «100ሜ» ብላችሁ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ሥራው ይቀላል። ሚሊ ሜትር በሚ፣ ሜትር በሜ ስለሚጀምር 80ሚሜ ከ100ሜ ጋር አይምታታም። በጉግል ሺትስ `(\d+)ሜ`፣ በሌሎቹ ሁለቱ `\d+(?=ሜ)` ይበቃል፣ `\b` አያስፈልግም። ጉግል ላይ እንዲያውም `\b`ን የግዕዝ ፊደል አጠገብ አታስገቡት፤ የሚያውቀው የላቲን ፊደልን ብቻ ነው።

ሥራው ሲያልቅ የሜትሩ አምድ ላይ ማጣሪያ ከፍቼ ምን ምን ቁጥር እንዳለ አያለሁ። ጋሼ የሚያስመጣው ባለ 50 እና ባለ 100 ሜትር ብቻ ነው። 80 ወይም 210 ብቅ ካለ ያንን ረድፍ ከፍቼ ኮዱን በዓይኔ አነበዋለሁ። 50 ሲሆን ግን ከ50MD የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ የሃምሳዎቹን ረድፍ አንድ በአንድ አልፍባቸዋለሁ።