አልዶስቴሮን ከፍ ሲል፦ ሬኒን የወረደበት እና ሬኒን የወጣበት

ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። የሁለቱም ደም ግፊት 170/100 ነው። ፖታሲየማቸው በሊትር 3.0 ሚሊሞል ላይ ወርዷል፤ አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞናቸው ደግሞ ከፍ ብሏል። ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? ሬኒን ላይ፣ ማለትም ኩላሊት ደም ሲያንሰው በሚለቀው ኢንዛይም ላይ።

የመጀመሪያው ሰው ከኩላሊቱ በላይ ባለችው አድሬናል እጢ ውስጥ ትንሽ እብጠት አለ። እብጠቱ ማንም ሳያዘው አልዶስቴሮን ያመርታል። ሆርሞኑ በኩላሊት ቱቦዎች መጨረሻ አካባቢ ሶዲየም ወደ ደም እንዲመለስ ያደርጋል። ውሃም ሶዲየምን ይከተላል፣ ግፊቱ ይጨምራል። በምትኩ ፖታሲየም በሽንት ይወጣል። ኩላሊቱ ደሙ እንደበዛ ሲያውቅ ሬኒን ማመንጨቱን ያቆማል ማለት ይቻላል።

በሁለተኛው ሰው ጥፋቱ የአድሬናል አይደለም። ወደ አንዱ ኩላሊት የሚሄደው የደም ቧንቧ ጠቧል። ያ ኩላሊት «ደም አነሰኝ» ብሎ ሬኒን ይለቃል። በሬኒን የተጀመረው ሰንሰለት አንጂዮቴንሲን ሁለትን ያስገኛል። እሱም የደም ቧንቧዎችን ያጠብባል፣ አልዶስቴሮንንም ይቀሰቅሳል። ምስኪኗ አድሬናል የታዘዘችውን ነው የሠራችው!

ስለዚህ አልዶስቴሮንን ብቻውን መለካት ሁለቱን አይለይም፤ ከሬኒን ጋር ነው መታየት ያለበት። የአልዶስቴሮንን ሥራ የሚያግደውን ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድ ሰው ላይ ግን ይጠንቀቁ። መድኃኒቱ ሬኒንን ከፍ ስለሚያደርግ የመጀመሪያው ችግር ሁለተኛውን ሊመስል ይችላል።