ደብተር፣ ታይም ዲፖዚት ወይስ ፌሮ? 200 ሺህ ብር አንድ አመት ሲቀመጥ በእጅ የሚቀረው

"200 ሺህ ብር አለኝ፣ ለአንድ አመት አልነካውም፣ የት ላድርገው?" ይሄን ጥያቄ ከጓደኞቼ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም፣ እና ሁሌም በስልክ ግማሽ ሰዓት እየለፈለፍኩ ስለምመልስ አንዴ ልጻፈውና ሊንኩን ልላክላቸው ብዬ ነው። ከአሁኑ ልናገር፣ እኔ የታይም ዲፖዚት ሰው ነኝ፣ ማለትም ብሩን ለተወሰነ ጊዜ አልነካም ብሎ ፈርሞ ማስቀመጥ፣ ግን አጭሩ ታይም ዲፖዚት፣ እና ተከፋፍሎ የገባው። ለምን እንደሆነ ደግሞ በገዛ ገንዘቤ ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ ስሌቱን እናስተካክል ምክንያቱም አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ነው የሚስተው። ሁሉም የሚሰራው "ባንኩ 7 ይሰጣል፣ ግሽበቱ 20 ነው፣ ስለዚህ 13 ፐርሰንት ከሰርኩ" ነው። መቀነስ። ግሽበቱ 2 ወይም 3 በሆነበት አገር መቀነሱ ብዙ አያሳስትም፣ እኛ ጋ ግን ያሳስታል። በደንብ እናስበው፣ ኪሎው 100 ብር የሆነ ዕቃ አለ እንበል፣ በ200 ሺህ ብር 2,000 ኪሎ ይገዛል። ብሩን ደብተር ላይ በ7 ፐርሰንት አስቀመጥነው፣ ወለዱ 14,000 ብር መጣ፣ ከሱ ላይ 5 ፐርሰንት ታክስ ይቆረጣል (በ979/2008 አዋጅ የመጣው ነው፣ የእናንተ ስሊፕ ላይ ሌላ ቁጥር ካለ እሱን ያዙ)፣ ስለዚህ በእጅ የሚገባው 13,300 ነው። አሁን 213,300 ብር አለን፣ ዕቃው ግን 120 ብር ገብቷል። 213,300ን ለ120 ስናካፍል 1,777 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ከ2,000 ወደ 1,777 ተኩል፣ ማለትም 11.1 ፐርሰንት ወረደ፣ 13 አይደለም። የሆነው ነገር በቃ ማካፈል ነው፦

```
እውነተኛ ወለድ = (1 + ወለድ ከታክስ በኋላ) ÷ (1 + ግሽበት) − 1
             = 1.0665 ÷ 1.20 − 1
             = −0.111
```

"እና ምን ልዩነት አመጣ፣ ያው ኪሳራ ነው" የሚል አይጠፋም። በአንድ አመት 2 ፐርሰንት ትመስላለች፣ ግን ግሽበቱ ከፍ ባለ ቁጥር መቀነሱ እብደት ይሆናል። ግንቦት 2014 ላይ አመታዊው ግሽበት 37.2 ፐርሰንት ደርሶ ነበር፣ የደብተሩ ዝቅተኛ ወለድ ግን ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 ነው። እንደዛ አራት አመት ቢቀጥል ኖሮ ብላችሁ በመቀነስ ስሩት፣ በአመት 30 ከምናምን ሲባዛ በአራት፣ ከ120 ፐርሰንት በላይ ከሰርክ ይላችኋል። ካለህ ብር በላይ እንዴት ትከስራለህ? በማካፈል ሲሰራ በየአመቱ ወደ 0.777 ይወርዳል፣ አራት ጊዜ ሲባዛ 0.365፣ ማለትም ከመቶው የመግዛት አቅም 36 ተኩሉ ይቀራል። አሳዛኝ ነው ግን ቢያንስ ሊሆን የሚችል ቁጥር ነው።

በትርፍ በኩልም እንደዛው ያታልላል፣ ያውም ወደ ሌላኛው አቅጣጫ። አንዱ መጥቶ "በአመት 30 ፐርሰንት እሰጥሃለሁ፣ ከግሽበቱ በላይ 10 ፐርሰንት ንጹህ ትርፍ" ቢላችሁ፣ 1.30 ለ1.20 ሲካፈል 8.3 ነው የሚሰጠው፣ 10 አይደለም። (ለማንኛውም እንደዛ የሚል ሰው ሲመጣ ስሌቱ ሳይሆን ሰውየው ነው መጣራት ያለበት።)

ታክሱ የሚቆረጠው ከጠቅላላ ወለዱ ላይ መሆኑንም አትርሱ፣ የመግዛት አቅማችሁ ቢወርድም መንግስት 5ቷን ይወስዳል። ስለዚህ ግሽበቱ 20 ሲሆን ምንም ሳይከስሩ ሳያተርፉ ለመውጣት 20 አይበቃም፣ 21 ከምናምን ወለድ ያስፈልጋል። እንደዛ የሚከፍል ተራ ሂሳብ አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ምርጫው። ታይም ዲፖዚት ላይ ሁሉም ሰው ቁጥሩን ከግድግዳው ላይ አንብቦ ይሄዳል፣ ወንድሜ ተደራደር እንጂ! ብሩ በዛ ሲል፣ ጊዜው ረዘም ሲል ማናጀሩ ጋ ገብታችሁ ብትጠይቁ ነጥብ ሁለት ነጥብ ይጨምራሉ፣ በተለይ ባንኩ ብር ሲያጥረው። 14 አገኛችሁ እንበል፣ ከታክስ በኋላ 13.3 ነው፣ አመቱ ሲያልቅ 226,600 ብር። 1.133 ለ1.20 ሲካፈል 0.944፣ ኪሳራው 5.6 ፐርሰንት ብቻ ነው። በዛሬ ብር ስታስቡት ደብተሩ 22,250 ብር በላባችሁ፣ ይሄኛው 11,167። ልዩነቱ 11 ሺህ የዛሬ ብር ነው፣ ሌላ ምንም ሳትሰሩ፣ አንድ ፎርም ፈርማችሁ ብቻ።

ሁለተኛ ነገር፣ ታይም ዲፖዚት ወለዱን ይቆልፋል፣ ግሽበቱ ግን አይቆለፍም። ሰኔ 2016 ላይ አመታዊ ግሽበቱ 20 ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው፣ በአመቱ ሰኔ 2017 ወደ 14 አካባቢ ወርዷል። ያኔ በ14 የቆለፈ ሰው ሲፈርም "5.6 ልከስር ነው" ብሎ ነው የፈረመው፣ ሲያወጣ ግን 1.133 ለ1.14 ስለሆነ የከሰረው ግማሽ ፐርሰንት አካባቢ ነው። ደብተር ላይ የተወው ደግሞ ያኔም 6 ከግማሽ ገደማ ከስሯል። በተቃራኒው ግሽበቱ ከወጣ ተቆልፋችሁ ትቀራላችሁ፣ ለዛ ነው ሁለት አመት ሶስት አመት አትግቡ የምለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር፣ የትኛውን ግሽበት ነው የምትጠቀሙት? የስታቲስቲክስ አገልግሎቱ የሚያወጣው መግለጫ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ አንዱ የዚህ ወር ዋጋ ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር፣ ሌላው የ12 ወር አማካይ። ዜና ላይ አንዳንዴ ይሄን አንዳንዴ ያንን ያነባሉ። ማካፈሉ የሚፈልገው ብሩን ያስገባችሁበት ወርና ያወጣችሁበት ወር መሃል ዋጋው ስንት እጥፍ እንደሆነ ስለሆነ የመጀመሪያው ነው ትክክሉ። አማካዩ ዘግይቶ ነው የሚወርደው፣ ግሽበት እየወረደ ባለበት ጊዜ ከሆነው በላይ የከሰራችሁ ያስመስላል።

አሁን የኔ ጉድ። አንድ ባንክ ውስጥ (ስሙን እንተወው) 200 ሺህ ሙሉውን በአንድ ሰርተፊኬት ለአመት በ14 አስገባሁ፣ በስምንተኛው ወር የቤት ጣጣ መጣና ማፍረስ ግድ ሆነ። ፎርሙ ላይ ትንሽ ፊደል ነበረች፣ ቀድሞ ከፈረሰ በደብተር ወለድ ይታሰባል የምትል፣ አላነበብኳትም። ለስምንት ወር በ7 ታሰበልኝ፣ ከታክስ በኋላ 8,867 ብር። በስምንት ወሩ ዋጋው ስንት እንደወጣ ለማወቅ 20ን ለ12 አካፍላችሁ በ8 አታባዙ፣ 1.20 በ8/12 ሃይል ሲነሳ ነው፣ 1.129 ይመጣል። 1.0443 ለ1.129 ሲካፈል 7.5 ፐርሰንት ገደማ ከስሬ ወጣሁ፣ ሙሉ አመት ብጠብቅ ከምከስረው በላይ ማለት ነው፣ በአጠረ ጊዜ። የሚገርመው ከ200 ሺው የፈለግኩት 50 ሺህ ብቻ ነበር! አራት ቦታ ከፍዬ አስገብቼ ቢሆን አንዷን አፍርሼ ሶስቱ በ14 ይቀጥሉ ነበር። አሁን ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው፣ ባንኩ አንዴ "ለምን አታጠቃልለውም" ብሎኝ ነበር፣ አይሆንም አልኩት። ዝቅተኛውን መጠን ግን ጠይቁ፣ በጣም ትንሽ ብር አንቀበልም የሚሉ አሉ፣ ወይም ለትንሹ ወለዱን ዝቅ ያደርጉታል።

ፌሮ። "ብር ይበሰብሳል ብረት አይበሰብስም" የሚል ሰው በየቤቱ አለ፣ እኛ ቤት የእህቴ ባል ነው። 200 ሺህ ብር ፌሮ ገዛ፣ ለጭነትና ለማውረድ 6 ሺህ ወጣ፣ ግቢ ውስጥ ከመረው። በአመቱ ሱቅ ላይ ያለው ዋጋ 22 ፐርሰንት ጨምሯል፣ ደስ ብሎታል፣ "ግሽበቱን በለጥኩት" አለ። ሊሸጠው ሲሄድ ግን ነጋዴው የሚገዛበት ዋጋ የሚሸጥበት አይደለም፣ ዝገቱንም አይቶ 12 ፐርሰንት ቀነሰበት፣ እንደገና 6 ሺህ ጭነት። 206 ሺህ ያወጣ ሰው 208,720 በእጁ ገባ። 1.013 ለ1.20 ስታካፍሉት 15.6 ፐርሰንት ኪሳራ ነው፣ ከደብተሩም የባሰ። ያው ፌሮ ለራሱ ቤት ቢያውለው ኖሮ ግን የ244 ሺህ ዕቃ በ206 ሺህ አገኘ ማለት ነው፣ ኪሳራው 1.3 ፐርሰንት ብቻ፣ ከሶስቱም ይሻላል። ስለዚህ ፌሮ ጥሩ የሚሆነው የምር መሰረት የምታወጡ ከሆነ ነው፣ ለመሸጥ ከሆነ አይሆንም። ሲሚንቶ ግን ጭራሽ አታስቀምጡ፣ ጥቂት ወር እርጥበት ካገኘው ድንጋይ ነው የሚሆነው፣ እሱም አስር ኩንታል ከስሯል፣ ያንን ስሌቱ ውስጥ አላስገባሁለትም አዝኜለት።

ፌሮ ከገዛችሁም መዝኑት። ባለ 12ቱ ሚሊሜትር ብረት በሜትር 0.888 ኪሎ ነው፣ አንዱ ብረት 12 ሜትር ስለሆነ ሙሉው 10.66 ኪሎ መምጣት አለበት። በቁጥር ነው የሚሸጡላችሁ፣ ሲመዘን ግን 9.6 የሚመጣ አለ፣ ቀጭን ሆኖ "12" ተብሎ የሚሸጥ። 10 ፐርሰንት ገና ከሱቁ ሳትወጡ ጠፋ ማለት ነው፣ ያ 1.3 ኪሳራ ወደ 11 ገደማ ይሄዳል፣ ቤቱም ላይ ያለው ጉዳት ሌላ ነው። ሚዛን ከሌለ በካሊፐር ለኩ፣ ጎድጓዳው ጋ እንጂ ጥርሱ ላይ አይደለም።

ትሬዠሪ ቢልም፣ መንግስት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበትን ሰነድ ማለት ነው፣ የሚጠይቁኝ አሉ፣ እሱ ላይ አንድ ነገር ብቻ፣ በቅናሽ ነው የሚሸጠው፣ 87 ከፍላችሁ በአመቱ 100 ትቀበላላችሁ። ያ 13 ፐርሰንት አይደለም፣ 100 ለ87 ስለሆነ 14.9 ነው፣ ያንን ነው ከላይ ያለው ማካፈል ውስጥ የምታስገቡት።

ከጠየቃችሁኝ እኔ የማደርገው ይሄ ነው፣ 200ውን በአራት 50፣ ሁለቱን ለስድስት ወር ሁለቱን ለአመት፣ ወለዱን ተደራድሬ፣ የማፍረሻ ቅጣቱን ፎርሙ ላይ በጣቴ እያሳየሁ አስነብቤ። ደብተሩ ላይ የሁለት ወር አስቤዛና የቤት ኪራይ ብቻ ይቀራል። የእህቴ ባል አሁንም ፌሮው ይሻላል ይላል፣ ግቢው ውስጥ አስራ ምናምን ብረት ቀርታዋለች።